ሰኔ 30 የተጻፈው ትርፍ ሐምሌ 1 ለምን ይቀለበሳል?

የ2016 በጀት ዓመት የተዘጋው እሑድ ሰኔ 30 ነበር። በዚያን ሰሞን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አንድ የአሜሪካ ዶላር የሚገዛው በ57 ብር ከጥቂት ሳንቲም ነበር። ከ22 ቀን በኋላ፣ ሰኞ ሐምሌ 22 ጠዋት፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን መደረጉን አስታወቀ። በዚያው ዕለት የንግድ ባንክ የመግዣ ዋጋ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ሆነ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ 100 ብርን ተሻገረ።

የዶላር ሂሳብ ያላቸው ድርጅቶች በዚያን ጊዜ የዓመቱን ሂሳብ ገና እየዘጉ ነበር። ቡና ላኪዎች፣ የአበባ እርሻዎች፣ አስጎብኚ ድርጅቶችና ከውጭ ድጋፍ የሚያገኙ ማኅበራት ሁሉ አንድ ጥያቄ ገጠማቸው። ባንክ ውስጥ የተቀመጠው ዶላር በመዝገባችን ላይ ስንት ብር ነው? ለዓመታት ምንዛሬው በትንሽ በትንሹ ሲንቀሳቀስ ስለኖረ ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ እንደ ተራ የዓመት መጨረሻ ወግ ነበር የሚያልፈው። ስህተት ቢሠራም የሚያዛባው ጥቂት ሺህ ብር ስለነበር ማንም አያየውም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ግን ያው ስህተት ሚሊዮኖችን ያዛባል። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ማየት ይገባል፤ ሂሳብ ሠራተኛ ያልሆነ ሰውም ቢሆን፣ የድርጅት ባለቤት ወይም የቦርድ አባል ከሆነ፣ የሚፈርምበትን ቁጥር ሊያውቀው ይገባል።

ነገሩ የሚጀምረው የባንክ ሂሳቡ ሁለት ቁጥር ስላለው ነው። ባንኩ የሚያውቀው ዶላሩን ብቻ ነው፤ በየወሩ የሚልከው መግለጫም በዶላር ነው። የድርጅቱ መዝገብ ግን በብር ስለሚያዝ፣ የገባው ዶላር ሁሉ በገባበት ዕለት ምንዛሬ ተባዝቶ ወደ ብር ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ዶላሩ እዚያው ተቀምጦ ሳለ ምንዛሬው ይለዋወጣል፤ በመዝገቡ ላይ ያለው ብር ግን ሰው ካልነካው በቀር ባለበት ይቆያል። ዓመቱ ሲያልቅ የብሩ ቁጥር የበርካታ ወራት ምንዛሬዎች ድብልቅ ይሆናል፤ የየትኛውንም ቀን ዋጋ አይናገርም።

ለዚህ ነው ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ፣ በተለይም ስታንዳርድ 21፣ ባንክ ያለ የውጭ ገንዘብ በሂሳብ መዝጊያው ቀን ምንዛሬ እንዲጻፍ የሚያዘው። በአሮጌው ብርና በአዲሱ ብር መካከል ያለው ልዩነት የምንዛሬ ትርፍ ወይም ኪሳራ ተብሎ በዚያው ዓመት ውጤት ውስጥ ይገባል። ሥራውን የምንዛሬ ማስተካከያ እንበለው። በቢሮ ውስጥ ብዙዎች «ሪቫሉዌሽን» ይሉታል።

አንድ ቡና ላኪ ድርጅት እንውሰድና ሥራውን በቁጥር እንከተለው። ምንዛሬዎቹን ለስሌት እንዲቀሉ አጠጋግቻቸዋለሁ። ድርጅቱ ከሽያጩ የሚደርሰውን ዶላር የሚያስቀምጥበት ሪቴንሽን አካውንት አለው። በጥር 2016 60,000 ዶላር ገባለት፤ የዕለቱ ምንዛሬ 56 ብር ስለነበር በመዝገቡ 3,360,000 ብር ተጻፈ። በግንቦት ደግሞ 40,000 ዶላር በ57 ብር ገባ፤ ይህ 2,280,000 ብር ነው። ድርጅቱ ከዚህ ገንዘብ ምንም ሳያወጣ ሰኔ 30 ደረሰ። በመዝገቡ ላይ 100,000 ዶላር በ5,640,000 ብር ተቀምጧል፤ አማካዩ 56 ብር ከ40 ሳንቲም ነው።

ሂሳብ ሠራተኛዋ በመጀመሪያ የምታደርገው ምንዛሬ መፈለግ አይደለም። ዶላሩን ከባንኩ መግለጫ ጋር ታመሳክራለች። በመዝገቧ 100,000 ዶላር ካለ፣ ባንኩም በሰኔ 30 ይህንኑ ማለት አለበት። ባንኩ ለዝውውር የቆረጠው 35 ዶላር ሳይመዘገብ ቀርቶ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይመዘገባል። ይህ ካልተደረገ ያልተመዘገበው ወጪ በምንዛሬ ልዩነት ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፤ በኋላ ማንም አያገኘውም። የዶላሩ ቁጥር እስኪገጥም ድረስ ብሩን መንካት አያስፈልግም።

ቀጥሎ ምንዛሬው ይመረጣል። ሰኔ 30 እሑድ ስለዋለ በዕለቱ ባንክ አልተከፈተም። ስለዚህ ባንኩ ከዚያ በፊት በሠራበት የመጨረሻ ቀን ያወጣው ዋጋ ይወሰዳል። ከመግዣና ከመሸጫ ዋጋ የትኛው ይያዝ የሚለውም ብዙ ያከራክራል። ድርጅቱ ያለውን ዶላር ቢመነዝር ባንኩ የሚሰጠው በመግዣ ዋጋው ስለሆነ የተቀመጠ ገንዘብ በመግዣ ዋጋ ነው የሚተመነው። የጥቁር ገበያው ዋጋ እዚህ ቦታ የለውም፤ ድርጅቱ በሕጋዊ መንገድ ዶላሩን በዚያ ዋጋ ሊመነዝር አይችልምና። በምሳሌያችን የመግዣ ዋጋው 57 ብር ከ50 ሳንቲም ነው እንበል። 100,000 ዶላር በዚህ ዋጋ 5,750,000 ብር ነው። መዝገቡ የሚለው 5,640,000 ስለሆነ ልዩነቱ 110,000 ብር ይሆናል። የባንክ ሂሳቡ በ110,000 ብር ዴቢት ይደረጋል፤ የምንዛሬ ትርፍ ደግሞ በዚያው መጠን ክሬዲት።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ብዙ መዝገብ ታበላሻለች። ይህ ማስተካከያ የሚነካው ብሩን ብቻ ነው፤ በዶላር በኩል ዜሮ ነው። በዶላርና በብር አብሮ በሚይዝ ሶፍትዌር ላይ 110,000ው በዶላሩ መስክ ከገባ፣ ድርጅቱ በአንድ ምሽት 210,000 ዶላር ያለው ሆኖ ይታያል። በአገራችን በብዙ ቢሮ የሚሠራበት ፒችትሪ ግን ሂሳብ የሚይዘው በአንድ ገንዘብ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዶላሩ በኤክሴል፣ ብሩ በፒችትሪ ተለያይተው ይኖራሉ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የሂሳብ ሠራተኛዋ ጥንቃቄ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ማስተካከያውን በቀጥታ በባንኩ ሂሳብ ላይ ከመጻፍ ይልቅ ከሥሩ «የምንዛሬ ማስተካከያ» የሚባል የተለየ ሂሳብ ከፍቶ እዚያ ማስቀመጥ እጅግ ይረዳል። ዋናው ሂሳብ የገባና የወጣውን ብቻ ይዞ ይቆያል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ደግሞ ትክክለኛውን የመዝጊያ ዋጋ ይሰጣሉ። ማስተካከያው ስንት እንደሆነ ለማወቅም የዓመት ወረቀት ማገላበጥ አያስፈልግም።

ወደ ሐምሌ 22 እንመለስ። የሂሳብ መግለጫው ገና አልተፈረመም፤ ኦዲተሩም ቢሮ ውስጥ ነው። ምንዛሬው ሲዘል ባለቤቱ ሂሳብ ሠራተኛዋን መጥራቱ አይቀርም።

«ዶላሩ እኮ 75 ሊገባ ነው። አንቺ ለምን በ57 ትዘጊዋለሽ?»

«ጋሼ፣ የምንጽፈው ሰኔ 30 ላይ የነበረንን ነው። ሐምሌ የመጣው የሐምሌ ነው።»

እውነቷን ነው። ከመዝጊያው ቀን በኋላ ስለሚፈጠሩ ነገሮች የሚደነግገው ስታንዳርድ 10፣ ከዚያ በኋላ የመጣ ከፍተኛ የምንዛሬ ለውጥ ያለፈውን ዓመት ቁጥር እንዲቀይር አይፈቅድም። ሰኔ 30 ላይ ይህ ለውጥ አልነበረም፤ ለዚያ ቀን ማስረጃ የሚሆነውም የዚያ ቀን ዋጋ ነው። ግን ዝም ተብሎም አይታለፍም። ከመግለጫው ጋር በሚያያዘው ማብራሪያ ውስጥ ምን እንደተፈጠረና በድርጅቱ ላይ ሊያደርስ የሚችለው ለውጥ በብር ሲገመት ስንት እንደሆነ መጻፍ አለበት። ባለ 100,000 ዶላሩ ድርጅት ይህ ለውጥ ደስታ ነው፤ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ላለበት አስመጪ ግን ጭንቅ ነው። የዓመቱን ትርፍ አይቶ ብድር የሚሰጥ ባንክ ይህን ማብራሪያ ሳያነብ ቢቀር የሚያበድረው ሌላ ድርጅት ነው ማለት ይቻላል። ባለቤቱ ግምቱን ከቁጥር ገጹ ላይ እንዳይፈልገው፣ ከማብራሪያው ላይ ግን እንዳያጣው ሊነገረው ይገባል።

አሁን ሐምሌ 1 ላይ ወደሚሆነው እንምጣ። ሂሳብ ሠራተኛ ያልሆኑ ሰዎች ሲሰሙት የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው። በብዙ ድርጅቶች ሰኔ 30 የተጻፈው 110,000 ብር ሐምሌ 1 ይቀለበሳል፤ የምንዛሬ ትርፉ ዴቢት፣ ማስተካከያው ክሬዲት ይደረጋል። የባንክ ሂሳቡም ወደ 5,640,000 ብር ይመለሳል። «ታዲያ ትላንት ትርፍ ነው ያላችሁት ዛሬ የት ሄደ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ትርፉ የትም አልሄደም። ያለፈው ዓመት ተዘግቷል፤ በዚያ ዓመት መግለጫ ውስጥ 110,000ው ለዘላለም እንደተጻፈ ይኖራል፤ ባለፈው ዓመት ያልተከፋፈለ ትርፍ ውስጥም ገብቷል። ሐምሌ 1 የተጻፈው የመቀልበሻ ምዝገባ የአዲሱ ዓመት ነው። ዓላማው አንድ ነው፦ አዲሱ ዓመት ትርፉን ከመጀመሪያው የገቢ ዋጋ ተነስቶ ሲያሰላ ያለፈው ዓመት የወሰደውን ክፍል ሁለተኛ እንዳይወስደው ነው።

ልማዱ የመጣው ከደረሰኞች ነው። ድርጅቱ በ56 ብር ምንዛሬ የሸጠውን ቡና ገዢው ገና ሳይከፍል ሰኔ 30 ቢደርስ፣ ያ ያልተሰበሰበ ሂሳብም በመዝጊያው ምንዛሬ ይስተካከላል። ገዢው በነሐሴ ሲከፍል ሶፍትዌሩ ትርፉን የሚያሰላው ደረሰኙ ከተጻፈበት ከ56 ብር ተነስቶ ነው፤ ሰኔ 30 የተደረገውን አያውቅም። ማስተካከያው ሳይቀለበስ ከቆየ የሰኔው ትርፍ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ስለዚህ ሐምሌ 1 ይቀለበሳል፤ ክፍያው ሲመጣ ደረሰኙ ይዘጋል፣ ጉዳዩም ያልቃል። ለደረሰኝ ይህ ፍጹም የሚስማማ አሠራር ነው። ደረሰኝ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ የባንክ ሂሳብ ግን መጨረሻ የለውም። ገንዘብ ይገባል፣ ይወጣል፣ ሂሳቡ ግን ከዓመት ወደ ዓመት ይሻገራል። ብዙ ድርጅቶች ለደረሰኝ የተሠራውን ልማድ ሳያስቡበት ለባንክ ሂሳብም ያውሉታል። ችግሩ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ምሳሌያችንን እንቀጥል። በአዲሱ ዓመት በመስከረም 2017 ድርጅቱ 40,000 ዶላር ለባንኩ ሸጠ። ምንዛሬው 110 ብር ነው እንበል፤ በእጁ የገባው 4,400,000 ብር ነው። መዝገቡ ሐምሌ 1 ስለተቀለበሰ የእነዚህ 40,000 ዶላሮች ዋጋ በ56 ብር ከ40 ሳንቲም ሲሰላ 2,256,000 ብር ነው። ከሽያጩ የተገኘው የምንዛሬ ትርፍ 2,144,000 ብር ይሆናል። ባንክ የቀረው 60,000 ዶላር በመዝገቡ 3,384,000 ብር ነው። መስከረም 30 ላይ ምንዛሬው 112 ብር ቢሆን የቀረው ዶላር 6,720,000 ብር ያወጣል፤ ስለዚህ የ3,336,000 ብር ማስተካከያ ይጻፋል። በአዲሱ ዓመት እስካሁን የተመዘገቡትን እንደምር፦ ሐምሌ 1 በመቀልበስ የተቀነሰ 110,000፣ ከሽያጭ የመጣ 2,144,000፣ ከማስተካከያ የመጣ 3,336,000። ድምሩ 5,370,000 ብር ትርፍ ነው።

ሌላ ድርጅት፣ በሁሉም ነገር ተመሳሳይ፣ ሐምሌ 1 ምንም ሳይቀለብስ ቀጥሏል እንበል። እሱ አዲሱን ዓመት የጀመረው 100,000 ዶላር በ5,750,000 ብር፣ ማለትም በ57 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። 40,000 ዶላሩን በ110 ሲሸጥ ትርፉ 2,100,000 ብር ይሆናል። የቀረው 60,000 ዶላር በመዝገቡ 3,450,000 ብር ነው፤ በ112 ሲስተካከል 3,270,000 ብር ይጨመራል። ድምሩ 5,370,000 ብር። እዚያም እዚህም አንድ ቁጥር ነው።

ስለዚህ መቀልበስና አለመቀልበስ የዓመቱን ድምር አይለውጡም። የሚለውጡት በሽያጭ በተገኘውና ገና በእጅ ባልገባው ትርፍ መካከል ያለውን ክፍፍል ብቻ ነው። ይህ እኩልነት የሚሠራው ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፦ የቀለበሰ ሰው በሚቀጥለው የሪፖርት ቀን እንደገና ማስተካከል አለበት። የሐምሌ 1 ምዝገባ ብቻውን ቆሞ ሙሉ አይሆንም፤ አንድ ግማሽ ነው።

ግማሹ ብቻ ሲቀር የሚሆነውን እንመልከት። ሂሳብ ሠራተኛዋ ሐምሌ 1 ቀልብሳ፣ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ግን ሳታስተካክል ብታወጣ፣ መስከረም 30 ላይ 60,000 ዶላሩ በ3,384,000 ብር ይታያል። እውነተኛ ዋጋው ግን የዚህ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከሁሉ በፊት ደግሞ የሐምሌ ወር ሪፖርት የ110,000 ብር የምንዛሬ ኪሳራ ያሳያል። በዚያው ወር ብር ሲወድቅ ዶላር የያዘ ሁሉ እያተረፈ ነበርና ይህ ኪሳራ ከእውነታው ጋር ተቃራኒ ነው። ሪፖርቱን የሚያነብ ሥራ አስኪያጅ «ዶላር በዘለለበት ወር እንዴት በዶላር ከሰርን?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ገበያው ውስጥ አይገኝም። ያልተሟላ ምዝገባ ውስጥ ነው ያለው።

ተቃራኒው ስህተትም አለ፤ በእኔ ግምት በብዛት የሚገኘውም ይሄ ነው። ማስተካከያው በፒችትሪ ላይ ሳይቀለበስ ይቀራል፤ የኤክሴል ሠንጠረዡ ግን አሁንም የመጀመሪያውን አማካይ፣ 56 ብር ከ40፣ ይዞ ይቀጥላል። ሠራተኛዋ ለሽያጩ ከኤክሴሉ 2,256,000 ብር ትወስዳለች፤ ለመስከረም ማስተካከያም ከኤክሴሉ 3,336,000 ብር ታገኝና ትጽፋለች። ኤክሴሉ ፍጹም ትክክል ይመስላል። በዋናው መዝገብ ላይ ግን 5,750,000 ሲቀነስ 2,256,000 ሲደመር 3,336,000 ውጤቱ 6,830,000 ብር ነው። መሆን የነበረበት 6,720,000 ነው። የሚተርፈው 110,000 ብር ያው የሰኔው ትርፍ ነው፤ አንድ ጊዜ ባለፈው ዓመት፣ ሁለተኛ ጊዜ በዚህ ዓመት ተቆጥሯል።

ይህን ለማወቅ ኦዲተር መሆን አያስፈልግም። የባንክ ሂሳቡን ብር ለዶላሩ ማካፈል በቂ ነው። 6,830,000 ለ60,000 ሲካፈል 113 ብር ከ83 ሳንቲም ይመጣል። በዚያ ቀን ባንኩ ያወጣው ዋጋ 112 ከሆነ መዝገቡ ተሳስቷል። በማንኛውም የሪፖርት ቀን፣ ማስተካከያው ከተጻፈ በኋላ፣ ይህ ማካፈል የዕለቱን ምንዛሬ በሳንቲም ሳይዛነፍ መስጠት አለበት። ባለቤቱ የሂሳብ ትምህርት ባይኖረውም በስልኩ ካልኩሌተር ሊያደርገው ይችላል። የሚያስፈልገው የባንኩ የዶላር መግለጫ፣ የመዝገቡ የብር ቀሪና የዕለቱ ምንዛሬ ብቻ ነው። በየሩብ ዓመቱ ይህን አንድ ማካፈል የሚጠይቅ ባለቤት ከሠራተኞቹ ብዙ ስህተት ያድናል ብዬ አምናለሁ።

የቀን ስህተትም አለ። መቀልበሻው በስህተት ሐምሌ 1 ሳይሆን ሰኔ 30 ተብሎ ከተጻፈ፣ ማስተካከያው በተጻፈበት ቀን ይጠፋል፤ ያለፈው ዓመት መግለጫም 110,000 ብር ያጣል። ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲቀለብስ ምልክት ተደርጎበት ሳለ ሠራተኛዋ ደግሞ በእጇ ከቀለበሰች ሁለት ጊዜ ይቀለበሳል። ሁለቱም ከላይ ባልነው ማካፈል ወዲያው ይጋለጣሉ።

ታዲያ ለባንክ ሂሳብ የትኛው ይሻላል? እኔ አለመቀልበስን እመርጣለሁ። ምክንያቴም ጊዜ ሲሄድ የሚመጣው ነገር ነው። 60,000 ዶላሩ ሳይነካ እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ቢቆይና ምንዛሬው 130 ብር ቢሆን፣ በመዝገቡ 7,800,000 ብር ተብሎ ይዘጋል። ሐምሌ 1 ሲቀለበስ ደግሞ ወደ 3,384,000 ብር ይወርዳል። አዲሱ ዓመት በመጀመሪያ ቀኑ የ4,416,000 ብር ኪሳራ ይዞ ይነሣል፤ ባንክ ያለውም ገንዘብ ከዓመታት በፊት በነበረ፣ ማንም በማያስታውሰው ምንዛሬ ተጽፎ ይቆያል። በየወሩ ማስተካከል የለመደ ድርጅት ይህ አይጎዳው ይሆናል። በዓመት አንዴ ብቻ የሚያስተካክል ድርጅት ግን አሥራ አንዱንም ወር የተሳሳተ የባንክ ቀሪ እያየ ውሳኔ ይወስናል። ደመወዝ ከዚህ፣ ማሽን ከዚያ ይገዛ የሚባለው በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ነው።

ሳይቀለብሱ የሚሄዱበት መንገድ ቀላል ነው። የሰኔ 30 ዋጋ የአዲሱ ዓመት መነሻ ይሆናል። በኤክሴሉም ላይ አማካዩ ከ56 ብር ከ40 ወደ 57 ብር ከ50 ይታደሳል፤ ይህ መታደስ ከተረሳ ከላይ ያየነው የሁለት ጊዜ ቆጠራ ይመጣል። ከዚያ በየወሩ ካለፈው ማስተካከያ ወዲህ ያለው ልዩነት ብቻ ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። ላልተሰበሰቡና ላልተከፈሉ ደረሰኞች ግን መቀልበሱ ይቀጥላል፤ ሁለቱን በአንድ ደንብ ማሰር አያስፈልግም። ሶፍትዌሩ ሁሉንም በአንድነት የሚቀለብስ ሆኖ ከተገዛና ማስተካከል ካልተቻለ ደግሞ፣ የወር መዝጊያ ማስተካከያ በአንድም ወር እንዳይቀር በሥራ ዝርዝር ላይ ሰፍሮ ኃላፊነቱ ለአንድ ሰው መሰጠት አለበት።

ስለ 110,000 ብሩ ደግሞ ባለቤቶች ሊረዱት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። በመግለጫው ትርፍ ተብሎ ቢጻፍም በብር አልገባም፤ ዶላሩ ገና አልተሸጠም። በአነስተኛ መጠን ሲሆን ይህ ልዩነት አይሰማም። 5,370,000 ብር ሲሆን ግን ከዚህ ውስጥ 3,270,000ው ወይም 3,336,000ው ገና በወረቀት ያለ መሆኑን ሳይለዩ ለባለድርሻዎች ትርፍ ለማከፋፈል መወሰን ካዝና ውስጥ የሌለ ብር መስጠት ነው። የገንዘብ ፍሰት መግለጫው ይህን ይለያል፦ ከምንዛሬ ለውጥ ብቻ የመጣው የባንክ ቀሪ ጭማሪ ከሥራ ከተገኘ ገንዘብ ጋር ሳይቀላቀል በራሱ መስመር ይቀመጣል። ባለድርሻዎች ስብሰባ ሲገቡ የሚያነቡት የትርፍና ኪሳራውን ገጽ ብቻ ከሆነ ይህን መስመር አያዩትም።

የመጨረሻው ፈተና ሂሳቡ ባዶ ሲሆን ይመጣል። ድርጅቱ የቀረውን 60,000 ዶላር ሸጦ ሲጨርስ የዶላሩ ቀሪ ዜሮ ይሆናል፤ ብሩም ዜሮ መሆን አለበት። ዶላር በሌለበት ሂሳብ ውስጥ 110,000 ብር ተንጠልጥሎ ከታየ፣ ከዓመታት በፊት በአንድ ሐምሌ 1 ላይ የተረሳ ወይም ሁለቴ የተጻፈ መቀልበሻ አለ ማለት ነው። አንዳንድ ቢሮ ይህን ቀሪ በዝምታ ወደ «ልዩ ልዩ ወጪ» ይገፋዋል። ትክክለኛው መንገድ ግን ወደ ኋላ ሄዶ የየሰኔ 30ውን የብር ቀሪ ለዶላሩ ማካፈል ነው። ካለፉት ዓመታት በአንዱ ውጤቱ ከዕለቱ ምንዛሬ መለየት ይጀምራል፤ ስህተቱ ከዚያ መዝጊያ በፊት በነበሩት አሥራ ሁለት ወራት ውስጥ ስለሆነ ፍለጋው በአንድ ዓመት ይወሰናል። በመጀመሪያ መታየት ያለበትም የዚያ ዓመት የሐምሌ 1 ምዝገባ ነው።